ሰኞ ገበያ የማትሳሳት ልጅ ደብተር ላይ ለምን ትሳሳታለች?

ጥያቄ፦ «ደሴ ነው የምንኖረው። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ሰኞ ገበያ ሽንኩርትና ድንች ትቸረችራለች። ልጃችን አራተኛ ክፍል ናት። ገበያው ሲበዛ ሰኞ ቀርታ እናቷን ታግዛለች። መልስ ስትሰጥ ከኔ ትፈጥናለች። ሒሳብ ፈተና ግን ከ100 31 አመጣች። 500 ሲቀነስ 185 ለሚለው ጥያቄ 485 ብላ ጽፋለች። መምህሩ ‹ቤት የሚከታተላት የለም› አለን። እኛ ደግሞ ‹ትምህርት ቤቱ አላስተማራትም› እንላለን። ጥፋቱ የማን ነው? ከገበያ ላስቀራት?»

ወንድሜ፣ ያቺን 485 ስለጻፉልኝ ደስ ብሎኛል። ከ31ዱ ውጤት ይልቅ ስለ ልጅዎ ብዙ የነገረችኝ እሷ ናት። ስለዚህ ከእሷ እንነሳ።

ልጅዎ እንዴት 485 ላይ እንደደረሰች እንከተል። ቁጥሮቹን ወደ ታች ደርድራ ጻፈች። ከቀኝ ጀመረች። ከ0 ላይ 5 አይቀነስም። እሷ ግን መቆም አልፈለገችም፤ ገልብጣ ከ5 ላይ 0 ቀነሰችና 5 ጻፈች። ቀጥሎ ከ0 ላይ 8 አይቀነስም። አሁንም ገለበጠች፤ 8 ጻፈች። በመጨረሻ ከ5 ላይ 1 ቀነሰችና 4 ጻፈች። 485።

ይሄ ግድ የለሽነት አይደለም። ግድ የሌላት ልጅ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ትሳሳት ነበር። ልጅዎ ግን ሕግ አላት፦ «ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንስ፤ የትኛው ከላይ እንዳለ አትይ።» ብራውንና በርተን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 የልጆችን የቅነሳ ስህተት አንድ በአንድ ሲመረምሩ ይህንኑ አግኝተዋል። ብዙ ስህተት የዘፈቀደ አልነበረም፤ ልጁ በታማኝነት የሚከተለው የተጣመመ አሠራር ነበር። የፈተና ወረቀቱን ያውጡና ሌሎቹን የቅነሳ ጥያቄዎች ይዩ። እንደ 578 ሲቀነስ 243 ያለውን፣ ከላይ ያለው አኃዝ ሁሌም የሚበልጥበትን፣ በትክክል ሠርታ ሌላውን ከሳተች፣ ያልኩት ነው ማለት ነው።

አሁን ያችኑ ልጅ ሰኞ ገበያ ይውሰዷት። ገዢ የ185 ብር ዕቃ ወስዶ 500 ብር ሰጣት እንበል። ምን ትላለች? «185፣ አምስት ሲመጣ 190፣ አሥር ሲመጣ 200፣ ከዚያ 300፣ 400፣ 500።» 315 ብር ቆጥራ ትሰጣለች። 485 ብር መልስ ብትሰጥማ እናቷ በዚያው ቀን ከገበያ ታባርራት ነበር። እሷም ራሷ ገና እጇ ብሩን ሲያነሳ «ይሄ ሊሆን አይችልም» ትላለች። 500 ሰጥቶኝ ዕቃም ወስዶ እንዴት 485 ይመለስለታል?

እንግዲህ አንድ ጭንቅላት፣ አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መልስ። ልዩነቱ ልጅዎ የቆመችበት ቦታ ነው።

ይህ የእናንተ ቤት ብቻ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት በብራዚል ሬሲፌ ከተማ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ዕቃ የሚሸጡ 5 ልጆችን ተከታትለዋል። መጀመሪያ እንደ ገዢ ቀርበው ዋጋና መልስ ጠየቋቸው፤ ልጆቹ ከ100 ጥያቄ 98ቱን ያህል መለሱ። በኋላ እነዚያኑ ስሌቶች እንደ ትምህርት ቤት ሒሳብ ወረቀት ላይ ሲሰጧቸው ከ100 ወደ 37 ወረዱ። እነዚያም ልጆች ወረቀቱ ላይ እንደ ልጅዎ ሊሆን የማይችል መልስ ይጽፉ ነበር።

«ጥፋቱ የማን ነው?» ላሉኝ የምመልሰው ከዚህ ተነስቼ ነው። ዩሪ ብሮንፈንብረነር የሚባል አሜሪካዊ የልጆች ሥነ ልቦና ምሁር ነበር፤ ሩሲያ ተወልዶ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ልጅ የሚያድገው አንዱ በሌላው ውስጥ በተደራረቡ ክበቦች መካከል ነው አለ። በጣም ቅርቡ ልጁ በአካል የሚገኝበት ቦታ ነው፦ ቤት፣ ክፍል፣ ገበያ፣ መድረሳ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ሠፈር። ይህንን ማይክሮሲስተም አለው። ሰው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። ቤት ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው፤ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው እያለ ይከራከራል። እናንተና መምህሩም የያዛችሁት ይሄንኑ ነው።

የብሮንፈንብረነር ትልቁ ነገር ግን ሁለተኛው ክበብ ይመስለኛል። ሜሶሲስተም ይለዋል። ቦታ አይደለም፤ በቦታዎቹ መካከል ያለ ግንኙነት ነው። ቤትም ጥሩ፣ ክፍልም ጥሩ ሆነው በመካከላቸው መንገድ ከሌለ ልጅ ይጎዳል። መጽሐፉ ውስጥ ይህንን ሲያብራራ፣ ሁለት ቦታዎችን የሚያገናኝ ልጁ ብቻ ከሆነ ግንኙነቱ ደካማ ነው ይላል። ከልጁ ሌላ በሁለቱም ቦታ የሚገኝ ወይም የሚመላለስ ሰው ሲኖር ይጠነክራል።

ልጅዎን በዚህ ዓይን እንያት። በቤት፣ በክፍልና በገበያ መካከል የሚመላለስ ማን አለ? እሷ ብቻ። መምህሩ ገበያ ላይ አይቷት አያውቅም። እናቷ ክፍሏን አላየችም። እርስዎ ሁለቱንም የሚሰሙት ከእሷ አፍ ነው። አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ሦስት ዓለም ብቻዋን ታገናኛለች። ለዚያውም ገበያ የምትችለው ነገር ሒሳብ መሆኑን የነገራት ሰው የለም። ለእሷ ያ «መልስ መስጠት» ነው። ሒሳብ ማለት ደብተር ላይ ያለው ነው።

አዋቂዎቹ የምትገናኙት ደግሞ መቼ ነው? በእኛ አገር ትምህርት ቤት ወላጅ የሚጠራው ልጅ ሲያጠፋ ነው። «ወላጅሽን ይዘሽ ነይ» ሲባል ልብ ይሰነጠቃል። ወላጅ አንገቱን ደፍቶ ይገባል፣ መምህሩ ይወቅሳል፣ ወላጅ ቤት ገብቶ ልጁን ይቆጣል። መንገዱ አለ፤ የሚያልፍበት ግን ወቀሳ ብቻ ነው። «ትችላለች፣ ገበያ ላይ እንዲህ ታደርጋለች» የሚለው ወሬ በዚያ መንገድ አልፎ አያውቅም።

መንገዱ መዘጋቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ በአንድ ቃል ላሳይዎት። ክፍል ውስጥ ከ0 ላይ 5 አልቀነስ ሲል ብዙ መምህራን «ከጎረቤት እንበደር» ይላሉ። አንድ ከአሥር ቤት ተበድረን። ገበያ ያደገች ልጅ መበደር ምን እንደሆነ በደንብ ታውቃለች። የተበደረ ይመልሳል። እናቷ ከጎረቤቷ 100 ብር ብትበደር ማታ ትመልሳለች። ታዲያ ይሄ ከአሥር ቤት የተበደርነው መቼ ነው የሚመለሰው? ማንም አይመልሰውም። ደግሞም አንድ ተበድረን እንዴት አሥር ሆኖ ደረሰን? ልጅ ይሄንን ጮክ ብላ አትጠይቅም። ግራ ይገባትና ገልብጦ መቀነስ ይቀላታል።

ገበያው ግን ትክክለኛው ቃል አለው፦ መዘርዘር። «እትዬ፣ መቶ ብር ዘርዝሪልኝ።» አንድ ባለ መቶ ሰጥተሽ አሥር ባለ አሥር ትቀበያለሽ። ብሩ አልጨመረም፣ አልቀነሰም፣ ዕዳም የለበትም፤ መልኩን ብቻ ቀየረ። በቅነሳ ውስጥ የሚደረገው ልክ ይሄ ነው። የሒሳቡን ትክክለኛ ስም ልጅዎ ከምትቀመጥበት መደብ አጠገብ በቀን 20 ጊዜ ትሰማዋለች። ክፍል ውስጥ የሚነገረው ሌላ ነው። መምህሩ ይህንን ቢያውቅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይጠቀምበት ነበር። እንዳያውቅ ያደረገው የመንገዱ መዘጋት ነው።

ወደ ሰኞ እንምጣ። «ገበያው ሲበዛ» ብለዋል። ስንት ሰኞ ነው? ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ካለፈው ወር ጀምሮ ቁጠሩ። ሰው «አልፎ አልፎ» ሲል ብዙውን ጊዜ ከሚያስበው ይበልጣል። ሰኞ ከ5 የትምህርት ቀን አንዱ ነው። በየሳምንቱ ብትቀር ከዓመቱ ትምህርት አንድ አምስተኛው ሄደ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቀኑ ነው። ብዙ መምህር ሳምንታዊ ዕቅዱን ከሰኞ ይጀምራል። አዲሱ ርዕስ ሰኞ ይገባል፤ ማክሰኞና ረቡዕ መልመጃ ነው። ልጅዎ ማክሰኞ ስትመጣ ጓደኞቿ የሚለማመዱት እሷ ያልሰማችውን ነው። መምህሩ የሚያየው ማክሰኞ መልመጃ የማትሠራ ልጅ ነው። ሰነፍ ይላታል። በእሱ በኩል እውነቱን ነው የተናገረው፤ ያየው ይሄን ነው።

የጊዜውም ነገር አለ። ብሮንፈንብረነር በኋላ ላይ ክሮኖሲስተም ብሎ ጊዜን ራሱን ጨምሯል፤ አንድ ነገር መድረሱ ብቻ ሳይሆን ልጁ ስንት ዓመቱ ላይ መድረሱ ነው የሚወስነው ብሎ። ልጅዎ አንደኛ ክፍል የገባችው በ2014 ይመስለኛል። ያ ዓመት ደሴ ላይ ምን እንደነበር ለእርስዎ አልነግርዎትም። ትምህርት ቤቶቻችን አስቀድመው ከሰሜን ወሎ ለተፈናቀሉ ወገኖች መጠለያ ሆነው ነበር። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ከተማው ገባ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ማን ስለ ፊደልና ቁጥር ያስብ ነበር? አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ የሚጣለው መሠረት ደግሞ 34 ማለት 3 አሥርና 4 አንድ መሆኑ ነው። ይህ ካልገባ መዘርዘር ከሰማይ ይወርዳል። ያኔ ስምንተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሌላ ነገር አጥቶ ይሆናል፤ እሷ ያጣችው ይህንን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 485ትን የዘንድሮ መምህር ሥራ ብቻ አድርገው አይዩት።

የእርስዎ ፈረቃስ? ልጅዎ ፋብሪካው ደጅ ደርሳ አታውቅም። ግን ፋብሪካው እሷ ቤት ይደርሳል። ይህንን ነው ኤክሶሲስተም የሚለው፤ ልጁ የሌለበት ቦታ፣ ውሳኔው ግን ልጁ ላይ የሚያርፍ። ፈረቃው ሲዞር በአንዱ ሳምንት ማታ ቤት አሉ፣ በሌላው ከኮምቦልቻ ሲመለሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጡ እሷ ተኝታለች። መምህሩ «ቤት የሚከታተላት የለም» ሲል በሐሳቡ ያለው በየማታው 12 ሰዓት ቤት የሚገባ አባት ነው። ያ አባት እናንተ ቤት የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ስለዚህ የምሰጥዎት ሥራ በሰዓት የተቆረጠ አይደለም። በሳምንት 4 ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ። የማታ ፈረቃ ሲሆኑ ከሰዓት በኋላ፣ የጠዋት ሲሆኑ ማታ። ቀኑ ይቀያየር፤ ቁጥሩ አይጉደል።

ለምን 4 ቀን? ብሮንፈንብረነር በኋለኛው ዘመኑ ሰዎች ክበቦቹን እየሳሉ ልጁን መርሳታቸው ቅር አሰኝቶት ነበር። ልጅን በቀጥታ የሚያሳድገው ክበቡ ሳይሆን በክበቡ ውስጥ በየቀኑ የሚደረገው ነገር ነው አለ። ያ ነገር ደግሞ በየጊዜው የሚደጋገም፣ ለረዥም ጊዜ የሚቀጥል፣ እያደር የሚከብድና ሁለቱም ወገን የሚሳተፍበት መሆን አለበት። እሑድ ለ2 ሰዓት አስቀምጦ ማስጨነቅ እነዚህን አያሟላም። «አጥኚ» ብሎ ሬዲዮ መስማትም አያሟላም።

15 ደቂቃዋን እንዲህ ይጠቀሙባት። የመጀመሪያው ሳምንት ጨዋታ ነው። እርስዎ ገዢ ይሁኑ። እውነተኛ ብር ይያዙ። ዋጋው ግን ገበያ ላይ የማትሰማው ይሁን። «237 ብር ነው፤ ይኸው 400።» መልሱን ስትቆጥር ጮክ ብላ ትቁጠር። ለምን አዲስ ዋጋ ይሁን አልኩ? አንዳንድ ልጅ የለመደውን ዋጋ መልስ በቃሉ ይዞ ነው የሚፈጥነው። 163 ብላ ከመለሰች በእውነት ታሰላለች ማለት ነው። ካቃታት ደግሞ ችግሩ ከደብተሩ በፊት ነውና በትንንሽ ቁጥር፣ ከ50 እና ከ100 ብር መልስ፣ ይጀምሩ።

ሁለተኛው ሳምንት ያለችውን ትጻፍ። እርስዎ አይጻፉላት። «237፣ 3 ሲመጣ 240። 60 ሲመጣ 300። 100 ሲመጣ 400።» ከጎኑ 3፣ 60፣ 100። ሲደመር 163። ይህ ራሱ ሒሳብ ነው፤ ከታች ወደ ላይ እየደመሩ መቀነስ ነው። ልጅቱ ገበያዋ ወረቀት ላይ ሲወጣ የምታየው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ልጆች እዚህ ሲደርሱ ፊታቸው ይለወጣል።

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት የመዘርዘር ነው። ጠረጴዛ ላይ 4 ባለ መቶ ያስቀምጡ። በቂ ዝርዝር ከሌለ ካርቶን ቆርጣችሁ 100፣ 10፣ 1 ብላችሁ ጻፉበት። «ከዚህ ላይ 237 ስጪኝ» ይበሏት። 7 ብር መስጠት አትችልም፤ ዝርዝር የለም። «ዘርዝርልኝ» ትላለች። አንዱን ባለ መቶ ወስደው አሥር ባለ አሥር ይስጧት። አሁንም 7 ብር አይወጣም። አንዱን ባለ አሥር ወስደው አሥር ባለ አንድ ይስጧት። ጠረጴዛው ላይ አሁን 3 መቶ፣ 9 አሥርና 10 አንድ አለ። ትቁጠረው፤ ያው 400 ነው። ከዚህ ላይ 7 አንድ፣ 3 አሥር፣ 2 መቶ ስታነሳ 163 ይቀራል። ወሳኙ ነገር ይሄ ነው፦ እጇ በዘረዘረ ቁጥር በዚያው ቅጽበት ደብተሩ ላይም ትጻፈው። መቶው ሲዘረዘር በደብተሩ 4ን ሰርዛ 3 ትጻፍ። አሥሩ ሲዘረዘር ከአሥር ቤት በላይ 9፣ ከአንድ ቤት በላይ 10። መጀመሪያ ብሩን ጨርሶ በኋላ መጻፍ አይሠራም። ሁለቱ ጎን ለጎን ካልሄዱ አሁንም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሆነው ይቀራሉ።

ከዚያ በኋላ ብሩን ያንሱ። ግን ከመሥራቷ በፊት አንድ ጥያቄ ሁሌም ይጠይቋት፦ «ገዢው ስንት ገደማ ይመለስለታል?» 185 ወደ 200 ይጠጋል፤ ስለዚህ 300 ገደማ። ከዚህ በኋላ 485 ብትጽፍ ራሷ ትይዘዋለች። የገበያ ግምቷ የደብተሯ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ እስኪጠሩ አይጠብቁ። ባለቤትዎ ብትችል ሁለታችሁም ሂዱ። ካርድ የሚሰጥበትን ቀን አትምረጡ፤ መምህሩ በ60 ወላጅ መካከል ምንም ሊሰማችሁ አይችልም። ከቀትር በፊት ባለች የዕረፍት ሰዓት 10 ደቂቃ ይበቃል። ብሮንፈንብረነር በአካል መገናኘትን ከወረቀትና ከስልክ ያስቀድማል፤ በእኛ አገር ደግሞ ይሄ ይበልጥ እውነት ነው። የፈተና ወረቀቱንና 237ን የጻፈችበትን ደብተር ይያዙ። እንዲህ ይበሉት፦ «መምህር፣ ወቀሳ ይዤ አልመጣሁም። ልጄ ገበያ ላይ ይህንን ታሰላለች። ወረቀት ላይ ስትሆን ከትልቁ ትንሹን ትገለብጣለች። ቤት እንዲህ ጀምረናል። ‹መዘርዘር› ስንላት ገባት። እርስዎ ክፍል ውስጥ ይህንኑ ቃል ቢጠቀሙላት?» ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ አዲስ ርዕስ በየትኛው ቀን እንደሚጀምር። ብዙ አይጠይቁ። የመምህሩን ክፍለ ጊዜ ያስቡት፤ 40 ደቂቃ ነው። ለ60 ልጅ ሲካፈል አንድ ልጅ 1 ደቂቃ አይደርሳትም። እሱ ሊሰጣት የማይችለው ነገር አለ፤ ቃሉንና ቀኑን ግን ሊሰጣት ይችላል።

ከገበያ ላስቀራት ወይ ላሉኝ፦ ከገበያው አያስቀሯት፣ ከሰኞ ጠዋት ግን ያስቀሯት። ገበያው ከክፍሉ ያላነሰ ትምህርት ቤቷ ነው። እናት አጠገብ ሆና የምትማረው ቁጥር፣ ሰው አያያዝና ድፍረት ሌላ ቦታ አይገኝም። ግን የሰኞ ጠዋት ትምህርቷን ያሳጣታል። የባለቤትዎም ጉልበት አንድ ነው፤ «ልጅቱን ተያት» ብሎ ብቻ መሄድ ፍትሕ አይደለም። ስለዚህ ሰኞ የሚጨንቃት የትኛው ሰዓት እንደሆነ ይጠይቋት። ጭነት የሚራገፍበት ጠዋት ከሆነ የእርስዎ ፈረቃ የሚፈቅድበት ሳምንት እርስዎ ያራግፉ። ካልሆነ ጎን ካለው መደብ ሴትዮ ጋር ተነጋገሩ። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለሁለቱም መደብ ትላላክ፤ ጠዋት እነሱ ይተጋገዙ። ይሄ በቡና ላይ የሚያልቅ ወሬ ነው። የግድ መቅረት ያለባት ሰኞ ከመጣ ደግሞ አንድ ክፍል የምትማር የጎረቤት ልጅ ማታ ደብተሯን ይዛ ትምጣ። ማክሰኞ ባዶ እጇን አትግባ። ሠፈሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ልጅቱ ብቻዋን ትመላለስበት በነበረው መንገድ ላይ ሌላ ሰው ቆመ።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ጊዜም አለ። የቃል ጥያቄ ብቻ እየሳተች የተደረደረ ቁጥር ብትችል ችግሩ ንባብ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ካላጠናችው ገጽ አስነብበው ይዩ። ከሰሌዳ ስትገለብጥ 3ን 8፣ 6ን 0 የምታደርግ ከሆነ ዓይኗን ያስመርምሩ። ከዚህ አልፎ 3 ወይም 4 ነገሮችን ስንት እንደሆኑ ሳትቆጥር ማወቅ ካቃታትና ገበያ ላይም ከተደናገረች ሌላ ዓይነት ምርመራ ትፈልጋለች። እርስዎ ከነገሩኝ ግን እንደዚያ አይመስልም።

ከዚህ በፊት ኮምቦልቻ ላይ ከአንድ ሱቅ ከሚያድር ልጅ ጋር ይህንኑ ሞክረን ነበር። በ5 ሳምንት ቅነሳው ተስተካከለ። መምህርቷ «ዘርዝር» የሚለውን ቃል ለክፍሉ ሁሉ ተጠቀመችበት። ከዚያ በዓመቱ አጋማሽ ተዛወረች። አዲሱ መምህር ስለዚህ የሰማው ነገር አልነበረም፤ ልጁም አልነገረውም፣ ወላጆቹም «ተሻለው» ብለው መሄድ አቁመው ነበር። ማባዛት ሲመጣ እንደገና ወደቀ። ስህተቱ የእኔም ነበር፤ መንገዱን በአንዲት መምህር ላይ ብቻ ነው የሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ለወላጆች የምለው አለ፦ መምህሩን ስታገኙ የክፍል ኃላፊውን ወይም ምክትል ርእሰ መምህሩን አንድ ጊዜ ሰላም ብላችሁ ውጡ፤ የልጁ ደብተር ሽፋን ላይም የጀመራችሁትን በሁለት መስመር ጻፉ። መምህር ቢቀየር ደብተሩ ይቀራል።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ብር ሳይኖር፣ እርስዎም ሳይናገሩ፣ 10 የቅነሳ ጥያቄ ይስጧት። ከመካከላቸው ቢያንስ 4ቱ እንደ 500 ወይም 402 ዜሮ ያለባቸው ይሁኑ። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ በሁለት የተለያዩ ቀናት ከ10 8 ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ወደ መዘርዘሩ ጠረጴዛ ይመለሱ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወረቀቱን ለመምህሩ እሷ ራሷ ትስጠው። ውጤቱንም እዚሁ ይጻፉልኝ፤ በተለይ የሳተቻቸውን ቁጥሮች እንዳለ ከነመልሳቸው።